ሰባ ሁለት ገጾች፣ አንድ ስም

አንዲት እናት ለልጇ ክርስትና የሚሆን ልብስ ፈልጋ ስልኳ ላይ «የልጆች የሀበሻ ቀሚስ» ብላ ጻፈች እንበል። ከአንድ የኦንላይን ሱቅ ሁለት መስመር መጣላት። ሁለቱም «ቀሚስ | ሱቃችን» ይላሉ። አንደኛው መስመር የሴቶች ቀሚስ ወደተደረደረበት ገጽ ይወስዳል፤ ሌላኛው ወደ ልጆቹ። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ከስሙ አይታወቅም። የላይኛውን ነካችው፤ የአዋቂ ልብስ ሆኖ አገኘችው። ተመልሳ ወጣችና ከሌላ ሱቅ ገዛች። የምትፈልገው ልብስ በመጀመሪያው ሱቅ ነበረ፤ ዋጋውም ከገዛችበት የረከሰ ሊሆን ይችላል። ያጣችው የሚለይ ስም ነው።

ያ ስም ገጹ ውስጥ ከምናነበው ጽሑፍ የተለየ ነው። ገጹ በተጻፈበት ኮድ ራስጌ ላይ እንዲህ ተቀምጦ ይገኛል፦

```html
<title>ቀሚስ | ሱቃችን</title>
```

ባለሙያዎቹ «ታይትል ታግ» ይሉታል። እኛ የገጹ ርእስ እንበለው። በኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ከላይ በምትታየው ጠባብ ትር ውስጥ የሚነበበው እሱ ነው፤ ጉግል ውጤት ሲያቀርብ በትልቁ የሚጽፈው የሚነካው መስመርም አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ የተወሰደ ነው። ባለሱቁ ቀኑን ሙሉ ገጹን እያየ ሲውል ርእሱን ላያየው ይችላል። ገዢው ግን ከሱቁ በር ሳይደርስ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ችግሩ ሱቁ ትንሽ ሳለ አይታወቅም። 30 ምድብ ያለው ሱቅ ለእያንዳንዱ ምድብ የሚስማማ ስም አያጣም። ሱቁ እየሰፋ ሲሄድ «ቀሚስ» የሚል ምድብ በ«ሴቶች» ሥር ይከፈታል፤ ቆይቶ በ«ልጆች» ሥር፣ ከዚያም በ«ሠርግ» ሥር ይደገማል። ሱቁ የተሠራበት ሶፍትዌር ርእሱን የሚጽፈው የምድቡን ስም ከሱቁ ስም ጋር በማጣበቅ ብቻ ነው። ምድቡ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ስለዚህ ሦስቱም ገጾች «ቀሚስ | ሱቃችን» ተብለው ይጠራሉ። በዚህ ላይ የቀለም ማጣሪያ፣ የዋጋ ቅደም ተከተል፣ «ቀጣይ ገጽ» የሚል ቁልፍ ሲጨመር እያንዳንዱ የየራሱን አድራሻ ይዞ፣ ያንኑ ርእስ ተሸክሞ ይወለዳል።

አንድ ፍርሃት በመጀመሪያ ይወገድ። ርእሱ ስለተደገመ ብቻ ጉግል አይቀጣም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ርእሶቹ ካልለዩ የፍለጋ ሞተሩ የቱ ገጽ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚመልስ ከዋናው ምልክት ሳይረዳ ይቀራል፤ በሌላ ፍንጭ ይገምታል። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ደግሞ ጉግል ርእሱ ያልተስማማው እንደሆነ ከገጹ ላይ ትልቁን ጽሑፍ ወይም ሌላ ቃል ወስዶ ራሱ ርእስ ማውጣቱን አስፋፍቷል። በቀጣዩ ወር ባወጣው ማብራሪያ ከ100 ውጤቶች በ87ቱ ያህል ባለቤቱ የጻፈውን ርእስ እንደሚጠቀም ገልጿል። የቀሩትን እሱ ይሰይማቸዋል። ሱቄን ማን እንዲሰይምልኝ እፈልጋለሁ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

ጉዳቱ መድረሱን የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ውስጥ `Performance` የሚለውን ከፍቶ አንድ የፍለጋ ቃል፣ ለምሳሌ «የሀበሻ ቀሚስ» የሚለውን፣ መንካት ነው፤ ከዚያ `Pages` ወደሚለው ትር መሄድ። ለአንድ ቃል ሦስት አራት የምድብ ገጾች እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ሰው ሲያመጡ ከታየ፣ በዚህ ሳምንት አንዱ በሚቀጥለው ሌላው ከወጣ፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተቀላቅለዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሀበሻ ልብስ፣ ቅመማ ቅመምና የቤት ዕቃ የሚሸጥ፣ አገር ቤትም ውጭም ላለው ደንበኛ የሚልክ አንድ ሱቅ በዓይነ ሕሊናችን እናቁም። ባለሱቁ የሚያውቀው 240 ምድብ እንዳለው ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ርእስ መጻፍ አይደለም፤ መቁጠር ነው። ስክሪሚንግ ፍሮግ የሚባለውን ዓይነት ፕሮግራም ሱቁ ላይ ብንለቀው እያንዳንዱን ሊንክ ተከትሎ ይዞርና ያገኘውን አድራሻ ሁሉ ከነርእሱ ይዘረዝራል። በነጻ የሚሰጠው እስከ 500 አድራሻ ድረስ ስለሆነ ለትልቅ ሱቅ መክፈል ወይም በክፍል በክፍል መቃኘት ያስፈልጋል። `Page Titles` በሚለው ክፍል ውስጥ `Duplicate` የሚለው ሲመረጥ የተደገሙት ብቻ ይቀራሉ።

በእኛ ሱቅ ውጤቱ 1,150 የምድብ አድራሻ ሆነ እንበል። ባለሱቁ የሚያውቀው 240 ብቻ ሆኖ ሳለ! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ሺህ ርእስ ለማስጻፍ ሰው ይቀጥራል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የተደገመ ርእስ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ነው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ገጾች ሲገኙ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ብዬ ልሰይማቸው?» ሳይሆን «በእርግጥ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ?» የሚለው ነው።

ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጥተን በአድራሻው ቅርጽ ስንለየው 1,150ው እንዲህ ይበተናል፦ 610ሩ በማጣሪያና በቅደም ተከተል የተፈጠሩ፣ 190ው የ«ቀጣይ ገጽ» አድራሻዎች፣ 110ሩ ያው ምድብ በሌላ መንገድ ሲገባ የሚያሳየው አድራሻ፣ የቀሩት 240ው እውነተኛዎቹ ምድቦች። ርእስ የሚያስፈልጋቸው ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ መካከል ያሉት ናቸው። ሌሎቹ የሚፈልጉት ሌላ መድኃኒት ነው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ምንም አይፈልጉም።

ምንም የማይፈልጉት «ቀጣይ ገጽ» የሚባሉት ናቸው። 200 ቀሚስ ያለው ምድብ ሁሉንም በአንድ ገጽ አያሳይም፤ በአምስት ስድስት ገጽ ይከፍለዋል። ጉግል ለኦንላይን ሱቆች ባወጣው መመሪያ እነዚህ ተከታታይ ገጾች አንድ ዓይነት ርእስ ቢኖራቸው ችግር እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። «ገጽ 2»፣ «ገጽ 3» የሚል ቢጨመርበት ለሰው ይረዳል፤ ባይጨመርም አይጎዳም። የሚጎዳው በዚህ ስጋት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ «የመጀመሪያው ገጽ ቅጂ ነኝ» እንዲል ማድረግ ነው። ቅጂ አይደለም፤ በውስጡ ሌሎች ዕቃዎች አሉ። ቅጂ ነው ከተባለ የፍለጋ ሞተሩ እነዚያን በኋላ የተደረደሩ ዕቃዎች የሚያገኝበትን መንገድ እናጠብበታለን።

ማጣሪያው ግን በጥሞና መታየት አለበት። አራት ቀለም፣ ሦስት መጠንና ሁለት ዓይነት የዋጋ ቅደም ተከተል ያለው አንድ ምድብ፣ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ሲመረጥ ብቻ 24 አድራሻ ይወልዳል። በሁሉም ላይ ያለው ያው ቀሚስ ነው፤ አንዳንዴ ሦስቱ ተቀንሰው፣ አንዳንዴ ከርካሽ ወደ ውድ ተሰልፈው። ለእነዚህ የሚበጀው «ዋናዬ ያ ነው» ብለው ወደ ምድቡ ዋና ገጽ እንዲጠቁሙ ማድረግ ነው። ካኖኒካል የሚባለው ምልክት ለዚህ የተሠራ ነው። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በየካቲት 2009 አብረው ያስተዋወቁት ሲሆን ከርእሱ ጋር በገጹ ራስጌ ይቀመጣል፦

```html
<link rel="canonical" href="https://example.com/women/kemis/">
```

ካኖኒካል ትእዛዝ አለመሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ ጥቆማ ነው። ሁለቱ ገጾች በጣም የሚለያዩ ከሆነ ጉግል ጥቆማውን ትቶ የራሱን ይመርጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ባለሙያ ካኖኒካሉን አስገብቶ ሲያበቃ «ለጥንቃቄ» ብሎ እነዚያኑ አድራሻዎች በ`robots.txt` ፋይል ይዘጋቸዋል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማን ያነበዋል? ጉግል ገጹን መክፈት ካልቻለ ካኖኒካሉንም አያይም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ የማጣሪያ አድራሻዎቹ በመቶ ሺህ ካልተቆጠሩ በስተቀር እኔ ካኖኒካሉን እመርጣለሁ።

ከ610ሩ የማጣሪያ አድራሻዎች ውስጥ ግን ጥቂት ዕንቁዎች ይኖራሉ። «ነጭ የሀበሻ ቀሚስ» በማጣሪያ የተፈጠረች አድራሻ ልትሆን ትችላለች፤ ሰው ግን ያንኑ ቃል ለቃል ጽፎ ይፈልጋል። ይህን የሚያሳየው ያው ሰርች ኮንሶል ነው፤ በፍለጋ ቃላቱ ዝርዝር ውስጥ ቀለም፣ በዓል ወይም የጨርቅ ዓይነት የሚጠቅሱትን መልቀም። እንዲህ የሚፈለግ ነገር ከማጣሪያነት ወጥቶ ንጹሕ አድራሻ፣ የራሱ ርእስና ከምናሌው ሊንክ ያለው ሙሉ ምድብ መሆን አለበት። ማንም የማይፈልገውን «ግራጫ፣ መካከለኛ መጠን፣ ከርካሽ ወደ ውድ» የሚለውን ግን ወደ ዋናው ገጽ ማስጠቆም ይበቃል።

ያው ምድብ በሁለት መንገድ የሚገባባቸው 110 አድራሻዎች ቀላሉ ክፍል ናቸው። አንዱ በመጨረሻው የዝባዝ ምልክት አለው፣ ሌላው የለውም፤ አንዱ በ«አዲስ የገቡ» በኩል ይሄዳል፣ ሌላው በ«ሴቶች» በኩል። አንዱን መርጦ ሌላውን `301` በሚባለው ቋሚ ማዘዋወሪያ ወደተመረጠው መላክ ነው። ምናሌው ውስጥ ያሉት ሊንኮችም አብረው ይስተካከሉ፤ አለበለዚያ ሱቁ ደንበኛውን በየጊዜው በአሮጌው በር እያስገባ ወደ አዲሱ ያዞረዋል።

አሁን 240ው ቀሩ። በርእስ ዓምድ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ 72ቱ ከሌላ ምድብ ጋር ስም ይጋራሉ። ፕሮግራሙ የሚያየው ይህን ነው። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ግን ፕሮግራሙ የማያየውን እናያለን። በዝርዝሩ ውስጥ «የሠርግ ልብስ» እና «የሰርግ ልብስ» የሚሉ ሁለት ምድቦች አሉ። አንዱን አንድ ሠራተኛ ከፈተው፤ ሌላው ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ በ«ሰ» ፈልጎ ሲያጣው አዲስ ከፈተ። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ የተደገሙት ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ለገዢው ግን አንድ ናቸው፤ ልብሶቹም በሁለቱ ተከፋፍለው አንዱ ጋ አሥር፣ ሌላው ጋ ስድስት ሆነው ተቀምጠዋል። «ሐበሻ» እና «ሀበሻ»፣ «ፀጉር» እና «ጸጉር» እንዲሁ ናቸው። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግረንም፤ ፊደላችንን የምናውቀው እኛው ነን።

መፍትሔው በኤክሴል ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዓምድ መክፈትና ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መመለስ ነው፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"ሠ","ሰ"),"ሐ","ሀ"),"ፀ","ጸ")
```

ይህ የግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን፣ ፊደል ብቻ ይለውጣል፤ ለ«ሡ»፣ ለ«ሢ»፣ ለ«ሃ»፣ ለ«ዐ» እና ለቀሩት በዚያው መንገድ መጨመር ያስፈልጋል። ዓምዱ ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ሱቁ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ አይነካም። በአዲሱ ዓምድ ደግመን ስንደረድር በእኛ ሱቅ 12 ምድቦች፣ ማለትም ስድስት ጥንዶች፣ ተገኙ። እነዚህ ርእስ አይደለም የሚያስፈልጋቸው፤ መዋሐድ ነው። ከየጥንዱ ባለፉት ወራት ብዙ ሰው የገባበት ይቀራል። የሌላው ዕቃዎች መጀመሪያ ወደሚቀረው ይዛወራሉ፤ ከዚያ አድራሻው በ`301` ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አድራሻው ቀድሞ ከተዛወረ ዕቃዎቹ በሌሉበት ገጽ ደንበኛው ይቆማል። የተዘጉትን ሁሉ ወደ መነሻ ገጹ መላክም ስህተት ነው፤ የሠርግ ልብስ ፈልጎ የመጣ ሰው ቡናና በርበሬ ከሚታይበት ደጃፍ ላይ መጣል የለበትም።

የቀሩት 72ቱ በእርግጥ የተለያዩ ገጾች ናቸው፤ አዲስ ርእስ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው። የሴቶች ቀሚስ፣ የልጆች ቀሚስ፣ የወንዶች ነጠላ፣ የሴቶች ነጠላ። አንድ በአንድ በእጅ መጻፍ ይቻላል፤ ነገ 73ኛው ሲከፈት ግን ድግግሞሹ ይመለሳል። መስተካከል ያለበት ርእሱን የሚያመርተው ቴምፕሌት ነው፦ የወላጁ ምድብ ስም ከልጁ ስም ጋር እንዲገባ።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ጉዳይ ይመጣል። ቴምፕሌቱ ሁለቱን ስም ዝም ብሎ ካጣበቀ «ሴቶች ቀሚስ» ይሆናል፤ ይህ አማርኛ አይደለም። በየስሙ ፊት «የ» ይግባ ብንል ደግሞ ሦስት ደረጃ ያለው ምድብ «የሴቶች የባህል የቀሚስ» እያለ ይንገዳገዳል፤ ወላጁ «ቅመማ ቅመም» ሲሆንም «የቅመማ ቅመም በርበሬ» የሚል ማንም የማይናገረው ነገር ይወጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወላጅ ምድብ በርእስ ውስጥ የሚገባበትን ቃል ሰው ይጻፍለት፦ ለ«ሴቶች» «የሴቶች»፣ ለ«በዓል» «የበዓል»፣ ለ«ቅመማ ቅመም» ባዶ። በእኛ ሱቅ ወላጅ የሆኑት ምድቦች 14 ናቸው እንበል። 14 አጭር ቃል ብቻ ሲጻፍ 72ቱም ይስተካከላሉ፤ ወደፊት የሚከፈቱትም ይከተላሉ። በዉኮመርስ የተሠራ ሱቅ ቢሆን ሐሳቡ በኮድ እንዲህ ይጻፋል፦

```php
add_filter( 'document_title_parts', function ( $parts ) {
    if ( ! is_product_category() ) return $parts;
    $term   = get_queried_object();
    $prefix = $term->parent
        ? get_term_meta( $term->parent, 'title_prefix', true )
        : '';
    if ( $prefix ) {
        $parts['title'] = $prefix . ' ' . $term->name;
    }
    return $parts;
} );
```

የወላጁ ቃል ባዶ ከሆነ የድሮው ስም እንዳለ ይቆያል፤ ርእሱ በባዶ ቦታ ወይም በተንጠለጠለ መስመር አይጀምርም። ርእስ የሚጽፍ ሌላ ፕለጊን ሱቁ ላይ ካለ ግን ይህ ኮድ ላይሰማ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለውጡ የሚደረገው በዚያ ፕለጊን ውስጥ ነው። ገጹ ላይ በትልቁ የሚታየው አርእስትም አብሮ «የሴቶች ቀሚስ» ይሁን። ራስጌው አንድ ነገር፣ ገጹ ሌላ ነገር ካሉ ጉግል ከሁለቱ የፈለገውን ያነሳል።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች እስከ 60 ፊደል ይላሉ። መስመሩ የሚቆረጠው ግን በፊደል ቁጥር ሳይሆን በስፋት ነው፤ የእኛ ፊደላት ሰፋ ስለሚሉ ያን ያህል አይገባም። ስለዚህ የሚለየው ቃል ይቅደም፤ የሱቁ ስም መጨረሻ ይሁን፤ ቢቆረጥም እሱ ይቆረጥ። «በኢትዮጵያ ምርጥና ተመራጭ የሆነው» እያሉ በ240 ገጽ ላይ አንድ ዓይነት መግቢያ መለጠፍ የተለየውን ስም ከዓይን ያርቀዋል። «ቀሚስ 1»፣ «ቀሚስ 2» ብሎ መለየትም እንዲሁ፤ ፕሮግራሙ ዝም ይላል፣ ለክርስትና ልብስ የመጣችው እናት ግን የቱን እንደምትነካ አሁንም አታውቅም።

ለውጡ ከመለቀቁ በፊት አሥር ያህል ገጾች ከየዓይነቱ ተመርጠው ኮዳቸው በዓይን ይታይ፦ ወላጅ ያለው፣ ወላጅ የሌለው፣ ማጣሪያ የበራበት፣ ሁለተኛው ገጽ። ከሁሉ የምፈራው የካኖኒካሉን ስህተት ነው። ቴምፕሌቱ ውስጥ አንድ ቃል ተሳስቶ ሁሉም ምድብ ወደ መነሻ ገጹ ሊጠቁም ይችላል፤ ሱቁን ለሚያየው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ምድቦቹ ግን ከፍለጋ ውጤት አንድ በአንድ መውጣት ይጀምራሉ። ይህ የሚታወቀው በሰርች ኮንሶል የገጾች ሪፖርት ውስጥ `Alternate page with proper canonical tag` በሚለው ሥር ነው። ቁጥሩ ከጠቆምናቸው የማጣሪያ አድራሻዎች በላይ ከዘለለና እውነተኛ ምድቦች እዚያ ከታዩ፣ ያን ቀን ቴምፕሌቱን መመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ አለ። ጉግል ገጾቹን ዳግም ጎብኝቶ አዲሱን ርእስ እስኪያወጣ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ሌላ ርእስ መጻፍ ሰዓቱን እንደገና ያስጀምረዋል። ከወር በኋላ ቅኝቱን መድገም፣ 28 ቀን ከ28 ቀን ጋር ማወዳደር፣ ቀድሞ በአንድ ቃል ሲፈራረቁ የነበሩት ገጾች አሁን በአንድ መርጋታቸውን ማየት። የንጽጽሩ ጊዜ በበዓል ሰሞን ከዋለ ግን ቁጥሩ ያታልላል፤ የፋሲካ ሰሞን ቀሚስ የሚሸጠው ርእሱ ስለታደሰ አይደለም።

በእኛ ሱቅ በመጨረሻ 234 ምድብ ቀረ፤ በእጅ የተጻፈው 14 ቃል ነው። ሱቃችሁ ላይ ምድብ የመክፈት ፈቃድ ለያዙት ሠራተኞች አንድ ነገር ንገሯቸው፦ አዲስ ምድብ ከመክፈታቸው በፊት ስሙን አንዴ በ«ሠ»፣ አንዴ በ«ሰ» ጽፈው ይፈልጉት።